በሙከራ ጊዜ ፈቃድ መጠየቅ፦ የዓመት ዕረፍት ገና ሳይደርስ ምን ይጠየቃል፣ እንዴትስ ይጻፋል

ሥራ ከጀመሩ ሁለት ወር ሳይሞላ ሠርግ፣ ሐዘን፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ወይም ሕመም ሊመጣ ይችላል። የዓመት ዕረፍት ለመጠየቅ ገና ነው፤ ዝም ብሎ መቅረት ደግሞ ሥራ ሊያሳጣ ይችላል። ይህ መመሪያ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ለሚሠሩ፣ ማለትም በግል ድርጅት፣ በፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በሱቅ ወይም መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ለተቀጠሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት ሕግ ሌላ ስለሆነ እዚህ አልተካተተም። የሥራ መሪዎችና የቤት ሠራተኞችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው።

ከሁሉ በፊት፦ ቀኑን የሚያውቁት ከመፈረምዎ በፊት ከሆነ

የእህትዎ ሠርግ ወይም የፈተና ቀንዎ ቀድሞ የታወቀ ከሆነ ትክክለኛው የመጠየቂያ ጊዜ ውል ከመፈረም በፊት ነው። ቀጣሪው እርስዎን ለመያዝ በሚፈልግበት ሰዓት «ጥቅምት 22፣ 24 እና 25 መገኘት አልችልም» ቢሉ ብዙውን ጊዜ እሺ ይባላሉ። ይህንኑ ጥያቄ ከአንድ ወር በኋላ ሲያቀርቡት ግን «ይህን እያወቀች ለምን አልነገረችንም?» የሚል ጥርጣሬ ይከተላል። የተስማማችሁበትን በውሉ ላይ በአንድ መስመር ያስጽፉ፤ ካልተቻለም የቅጥር ደብዳቤውን ሲቀበሉ በኢሜይል መልስ ላይ ይጥቀሱት። ቃለ መጠይቅ ያደረገልዎት ሰው ከወር በኋላ ሥራ ቀይሮ ሊሄድ ይችላል፤ በጽሑፍ ያልሰፈረ ስምምነት አብሮት ይሄዳል።

ደረጃ 1፦ ሙከራ ላይ መሆንዎንና የት እንደደረሱ ይቁጠሩ

የሙከራ ጊዜ የሚኖረው በጽሑፍ ስምምነት ሲደረግበት ብቻ ነው። በውልዎ ላይ ስለ ሙከራ የተጻፈ ነገር ከሌለ በሙከራ ላይ አይደሉም። በዚያው ድርጅት በዚያው ሥራ ላይ ከዚህ በፊት ሠርተው እንደገና ከተቀጠሩም ለሙከራ ሊዳረጉ አይገባም።

የሙከራው ጣሪያ ሥራ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ 60 የሥራ ቀን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስልሳ ቀን ሲባል ሁለት ወር ይመስላል፤ የሚቆጠረው ግን የሥራ ቀን ብቻ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት፣ አምስት ቀን የሚሠራ ደግሞ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ በመሐል የዋሉ የሕዝብ በዓላት ሲጨመሩ ጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ ካላንደር ይዘው አንድ በአንድ ይቁጠሩ።

እዚህ መመሪያ ውስጥ እስከ መጨረሻው የምንከተለው አንድ ምሳሌ አለ። አንዲት ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት በመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛነት መስከረም 5 ቀን 2018 ሰኞ ሥራ ጀመረች። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ትሠራለች፤ ወርኃዊ ደመወዟ 10,400 ብር ነው። መስቀል፣ መስከረም 17፣ ቅዳሜ ላይ ስለዋለ አይቆጠርም። በዚህ መሠረት እስከ ቅዳሜ ኅዳር 13 ድረስ 59 የሥራ ቀን ይሆናል፤ ስልሳኛው ቀን ሰኞ ኅዳር 15 ነው። የታናሽ እህቷ ሠርግ እሑድ ጥቅምት 23 ደሴ ላይ ነው፤ መልሱ በማግሥቱ ሰኞ። ለጉዞ ቅዳሜ ጥቅምት 22፣ ለመልስ ሰኞ 24፣ ለመመለሻ ማክሰኞ 25 ያስፈልጓታል፤ በድምሩ ሦስት የሥራ ቀን። እስከ ዓርብ ጥቅምት 21 ድረስ 40 የሥራ ቀን ሠርታለች ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ምክንያትዎ በየትኛው ፈቃድ ሥር እንደሚወድቅ ይለዩ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ደረጃ ይህ ነው። «ሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ፈቃድ የለውም» የሚለው አባባል በየቢሮው ቢደጋገምም እውነትነቱ ከፊል ነው። አዋጁ በአንቀጽ 11 እንደሚለው ሕግ፣ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት በሌላ ሁኔታ ካልወሰነ በቀር በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሙከራውን ከጨረሰ ሠራተኛ ጋር እኩል መብትና ግዴታ አለው። ስለዚህ ጥያቄው «ሙከራ ላይ ነኝ ወይ?» ሳይሆን «ይህ ፈቃድ በሙከራ ላይ ያለን ሰው የሚከለክል ነገር ተጽፎበታል ወይ?» ነው።

የዓመት ዕረፍት ላይ ገደብ አለ። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ቢታሰብም የመጀመሪያው ዕረፍት የሚሰጠው አንድ ዓመት ካገለገሉ በኋላ ነው። ይሁንና ቀኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ በየወሩ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ለዚህ ስሌት 26 የሥራ ቀን እንደ አንድ ወር አገልግሎት ይወሰዳል። አንድ ዓመት ሳይሞላ ውሉ ቢቋረጥ እንኳ ባገለገሉበት ልክ የሚታሰብ የዕረፍት ክፍያ አለ። እናም በሙከራ ጊዜ የሚጎድለው የመውሰጃው ወቅት እንጂ ስሌቱ አይደለም። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

የሕመም ፈቃድ ላይም ገደብ አለ፤ እዚህ ላይ ሕጉ ጠንካራ ነው። አንቀጽ 85 የሕመም ፈቃድን የሚሰጠው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ የሚለው አከፋፈል በሙከራ ላይ ላለ ሰው በሕግ አይደርስም። ድርጅትዎ በሥራ ደንቡ ወይም በኅብረት ስምምነቱ የተሻለ ነገር ሊሰጥ ስለሚችል እሱን ይመልከቱ። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ግን ሌላ ነገር ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ወድቆ እግርዎን ቢሰብረው ጉዳዩ በሥራ ላይ ጉዳት ድንጋጌዎች ይታያል እንጂ የሕመም ፈቃድ አይደለም።

በአንጻሩ የሚከተሉት በሙከራ ላይ ላለ ሰውም ክፍት ናቸው። ሠራተኛው ራሱ ሲያገባ ሦስት የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር ያገኛል። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞትም እንዲሁ ሦስት የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር አለው። ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ ሦስት ተከታታይ ቀን ሙሉ ክፍያ ያለው ፈቃድ አለ። በምርጫ ድምፅ ለመስጠት፣ በፍርድ ቤት ምስክር ሆኖ ለመቅረብ ወይም በሥራ ክርክር ለመገኘት የሚያስፈልገው ጊዜ ይፈቀዳል። ከእነዚህ ሌላ አንቀጽ 81 ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ላጋጠመው ሠራተኛ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ ወይም ቤት ሲቃጠል የሚጠየቀው ይህ ነው። በሙከራ ላይ እያሉ በጠና የታመሙ ሰዎችም የሕመም ፈቃድ ስለሌላቸው ጥያቄያቸውን በዚህ መንገድ ማቅረብ ይችላሉ።

የምሳሌያችን ሠራተኛ የት ትገባለች? የጋብቻ ፈቃዱ ለሙሽራዋ እንጂ ለእህቷ አይደለም። የእህት ሠርግ ደግሞ ደስታ ነው፤ ቀኑ ቀድሞ የታወቀ በመሆኑም ልዩና አሳሳቢ ነው ብሎ ማሳመን ይከብዳል። የአበልጅ ወይም የጎረቤት ልቅሶም በተመሳሳይ ከዝርዝሩ ውጭ ነው፤ በእኛ አገር ማኅበራዊ ኑሮ መቅረት የማይቻልበት ቢሆንም ሕጉ አይቆጥረውም። እንዲህ ያለው ምክንያት ያለው ሰው የሚሄድበት መንገድ ስምምነት ነው። አዋጁ በሠራተኛው ጥያቄ አሠሪው የሚፈቅደውን ያለ ክፍያ ፈቃድ ያውቃል፤ የሥራ ውል ለጊዜው ከሚታገድባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል። ውሉ አይቋረጥም፤ በእነዚያ ቀናት እርስዎ አይሠሩም፣ አሠሪው አይከፍልም። ነገር ግን አሠሪው የመፍቀድ ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ ደብዳቤውም የመብት ጥያቄ ሳይሆን የትብብር ጥያቄ መምሰል አለበት።

የዚህ ልዩነት ፋይዳ በደብዳቤው ቃና ላይ ይታያል። አባት ሞቶበት «ቢፈቀድልኝ» እያለ የሚለምን ሰው ያለውን መብት በልመና ይቀይራል፤ ያለ ክፍያ ተብሎ ሊመዘገብበትም ይችላል። ለእህት ሠርግ «በሕግ ይገባኛል» የሚል ደግሞ ሕጉን ከሚያውቅ የሰው ኃይል ኃላፊ ጋር በመጀመሪያው ወር ይጋጫል።

ደረጃ 3፦ የሚጠይቁትን በቁጥር ያዘጋጁ

በስምምነት የሚገኝ ፈቃድ ሁለት መልክ አለው፦ ያለ ክፍያ፣ ወይም ወደፊት ከሚደርሰው የዓመት ዕረፍት ላይ በቅድሚያ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ቅድም የተባለው ስሌት የሚጠቅመው እዚህ ነው። የምሳሌያችን ሠራተኛ 40 የሥራ ቀን ሠርታለች። አሥራ ስድስቱ ቀን ለ12 ወር፣ አንዱ ወር 26 የሥራ ቀን ስለሆነ 16 ሲባዛ በ40፣ ሲካፈል ለ312 ይሆናል፤ ውጤቱ ሁለት ቀን ከትንሽ ነው። ስለዚህ «እስካሁን ባገለገልኩበት ልክ የሚታሰበውን ሁለት ቀን በቅድሚያ፣ አንዱን ቀን ያለ ክፍያ» ብላ መጠየቅ ትችላለች። አሠሪው የማይገደድበት ነገር ነው፤ ግን ከተጠራቀመው በላይ ስላልጠየቀች ነገ ብትለቅ ድርጅቱ የሚያጣው ገንዘብ የለም። ይህን የሚረዳ ኃላፊ በቀላሉ ይስማማል። አሥር ቀን በቅድሚያ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሙከራውን ካላለፉ ትርፉን ቀን ከመጨረሻ ደመወዝዎ ላይ ማስላት ይመጣል፣ ጭቅጭቅም ይከተላል።

ያለ ክፍያ የሚባለው ቀን ምን ያህል እንደሚያስቀንስ አስቀድመው ይጠይቁ። ደመወዝ ክፍሎች በሁለት መንገድ ያሰላሉ። ወርኃዊ ደመወዙን ለ26 የሚያካፍሉ ከሆነ የአንድ ቀን ዋጋ 400 ብር፣ ሦስት ቀን 1,200 ብር ይሆናል። ለ30 የሚያካፍሉ ከሆነ የአንድ ቀን ዋጋ 346 ብር ከ67 ሳንቲም ሲሆን ሦስት ቀን 1,040 ብር ይመጣል። ለ30 የሚያካፍሉት ግን አንዳንዴ በመሐል ያለውን እሑድ አብረው ስለሚቆጥሩ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ አራት ቀን ብለው 1,386 ብር ከ67 ሳንቲም ሊቆርጡ ይችላሉ። ይህ ልዩነት በወሩ መጨረሻ ድንገት ሲታይ ያናድዳል፤ ቀድሞ ከተጠየቀ ግን የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው። በደብዳቤው ላይ «ሦስት የሥራ ቀን» ብለው ቀኖቹን አንድ በአንድ መዘርዘር እሑድ እንዳይቆጠር ይረዳል። «ከ22 እስከ 25» ብቻ ብለው አይጻፉ።

ደረጃ 4፦ ቀኑን መርጠው መጀመሪያ ለቅርብ አለቃ ይናገሩ

ደብዳቤ ሳይነገር በድንገት ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ አለቃ ይከፋዋል፤ በተለይ በቀጥታ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ከሄደ። የሙከራ ግምገማዎን የሚሞላው ይህ ሰው ስለሆነ ቀድሞ ከእርስዎ ይስማ። ጊዜው ከሚቀሩበት ቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በፊት ቢሆን ጥሩ ነው። ሥራ በጀመሩ በመጀመሪያው ሳምንት ከመናገር ሥራዎን ትንሽ አይተው ቢጠይቁ ይሻላል፤ ግምገማው ሊሞላ ሲል መጥፋትም አይመከርም። በምሳሌያችን ሰኞ ጥቅምት 3 ጥሩ ቀን ነው፤ ሃያ ሦስት ቀን ሠርታለች፣ ለሠርጉ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል።

ሲናገሩ ከምክንያቱ በላይ የሥራው ክፍተት እንዴት እንደሚሸፈን ያተኩሩ። የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ከሆኑ አለቃዎን የሚያስጨንቀው የወር መጨረሻ ቆጠራ ነው። «እህቴ እሑድ ጥቅምት 23 ደሴ ታገባለች። ቅዳሜ፣ ሰኞና ማክሰኞ ሦስት ቀን ያስፈልገኛል። ረቡዕ 26 ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ፤ የወር መጨረሻ ቆጠራው እስኪደርስ አራት የሥራ ቀን ይቀረኛል። የገቢና ወጪ ካርዶቹን ዓርብ ማታ ድረስ አስተካክዬ ለባልደረባዬ አስረክባለሁ» ማለት በቂ ነው። ረጅም ማብራሪያና ተደጋጋሚ ይቅርታ ጥርጣሬ ይጨምራል።

ባልደረባዎን ደግሞ ስሙን ከመጥራትዎ በፊት ያስፈቅዱት። ሳያውቅ ስሙ ሲነሣ «እኔ አልተነገረኝም» ይላል፤ ጥያቄው እዚያው ይበላሻል።

ደረጃ 5፦ ደብዳቤውን ይጻፉ

ድርጅቱ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ካለው ቅጹን ይሙሉ። አብዛኛው ቅጽ ግን «የዓመት ዕረፍት»፣ «የሕመም»፣ «የሐዘን» የሚሉ ሳጥኖች ብቻ ስላሉት የእርስዎ ጉዳይ የሚገባበት ላይኖር ይችላል። «ሌላ» የሚለውን ምልክት አድርገው ደብዳቤ ያያይዙ። የዓመት ዕረፍት የሚለው ላይ እንዲያው ምልክት ቢያደርጉ ሲስተሙ ወይም ጸሐፊዋ «ቀሪ ዕረፍት የለም» ብለው ይመልሱታል፤ ጥያቄው ሳይታይ ይቀራል።

ለምሳሌያችን ሠራተኛ የሚስማማ ደብዳቤ ይህን ይመስላል፦

> ቀን፦ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ስለመጠየቅ
>
> ከመስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛነት በሙከራ ቅጥር እየሠራሁ እገኛለሁ። እሑድ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. የእህቴ ሠርግ ደሴ ከተማ ስለሚፈጸም ቅዳሜ ጥቅምት 22፣ ሰኞ ጥቅምት 24 እና ማክሰኞ ጥቅምት 25 በሥራ ገበታዬ ላይ መገኘት አልችልም።
>
> የዓመት ዕረፍት የመውሰጃ ጊዜዬ ገና እንዳልደረሰ እረዳለሁ። በመሆኑም ድርጅቱ ከተስማማ እስከ ጥቅምት 21 ባገለገልኩበት ልክ የሚታሰበው ሁለት ቀን ወደፊት ከሚደርሰኝ የዓመት ዕረፍት ላይ በቅድሚያ እንዲሰጠኝና አንዱ ቀን ያለ ክፍያ እንዲሆንልኝ፣ ይህ ካልተቻለ ደግሞ ሦስቱም ቀን ያለ ክፍያ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።
>
> ሥራዬን ዓርብ ጥቅምት 21 ድረስ አጠናቅቄ ለተስማማው ባልደረባዬ በጽሑፍ አስረክባለሁ። ረቡዕ ጥቅምት 26 ጠዋት በሥራ ላይ እገኛለሁ። ፈቃዱ በሙከራ ጊዜዬ ቆጠራ ላይ ለውጥ የሚያመጣ ከሆነ በመልሱ ላይ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።
>
> ከሠላምታ ጋር
> (ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)
>
> ግልባጭ፦ ለቅርብ ኃላፊዬ

ሁለት ነገር በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሆን ተብሎ ገብቷል። አንደኛው አማራጭ ነው፤ «ይህ ካልተቻለ ደግሞ» የሚለው ሐረግ ኃላፊው ሙሉ በሙሉ «አይቻልም» ከማለት ይልቅ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ያደርገዋል። ሁለተኛው ስለ ሙከራ ቆጠራው የተጠየቀው ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ያልተሠሩትን ቀናት በመጨረሻው ላይ ይጨምራሉ፤ በምሳሌያችን ሦስት ቀን ቢጨመር ማብቂያው ከሰኞ ኅዳር 15 ወደ ሐሙስ ኅዳር 18 ይሄዳል። የሕጉ ጣሪያ 60 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ከቀጠለ ውሉ ከሙከራው መጀመሪያ ጀምሮ እንደተመሠረተ ይቆጠራል። ስለዚህ ማብቂያው የትኛው ቀን እንደሆነ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነገር ማወቅ አለባቸው። ካልታወቀ ኅዳር 17 ላይ «አላለፍሽም» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ክርክሩ ስለ ቀን ቆጠራ ይሆናል።

ሐዘን ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሌሊት መርዶ የተነገረው ሰው ደብዳቤ አይጽፍም። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ለአለቃ ደውሎ ማሳወቅ፣ ከዚያም ሟቹ ማን እንደሆነና ሦስቱን የሥራ ቀናት የሚገልጽ አጭር መልእክት በስልክ መላክ ይበቃል። ሲመለሱ ቅጹን ይሙሉ። አዋጁ ሠራተኛው ፈቃድ ሲወስድ አስቀድሞ እንዲያሳውቅና አሠሪው ሲጠይቅ ማስረጃ እንዲያቀርብ ስለሚል ከዕድር ወይም ከቀበሌ ወረቀት ከተጠየቁ አይከፉ፤ ቀብር ላይ እያሉ አንድ ሰው እንዲያወጣልዎ ያድርጉ።

ደረጃ 6፦ በፊርማ አስረክበው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አትመው አንዱን ለሪከርድ ክፍል ይስጡ፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ያስደርጉ። ሪከርድ ክፍል በሌለበት ትንሽ ድርጅት ተቀባዩ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርምልዎ። በኢሜይል ከላኩም ይበቃል።

ደብዳቤ ማስገባት ፈቃድ ማግኘት አይደለም። በሙከራ ጊዜ ብዙ ሥራ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው፦ ሠራተኛው ደብዳቤ ያስገባል፣ መልስ አይመጣም፣ «ዝምታ ስምምነት ነው» ብሎ ይሄዳል፤ ሲመለስ ያለ ፈቃድ የቀረ ተብሎ ተመዝግቦ ያገኘዋል። በሳምንቱ፣ በምሳሌያችን ሰኞ ጥቅምት 10፣ ሄደው ይጠይቁ። አለቃዎ በቃል «ሂጂ፣ ችግር የለም» ካለ ያንኑ ቀን አጭር መልእክት ይላኩለት፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ዛሬ እንደተነጋገርነው ጥቅምት 22፣ 24 እና 25 ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ።» እሱ «እሺ» ካለ ማስረጃ ሆነ። የአውቶቡስ ቲኬትም ከዚህ በኋላ ይቁረጡ።

ስለ መቅረት አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። አዋጁ በአንቀጽ 27 በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው አምስት የሥራ ቀን የቀረና በመቅረቱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት እንደሚችል ይናገራል። ከዚህ ተነሥተው «እስከ አራት ቀን ብቀር ምንም አይደለም» የሚሉ አሉ። ሙከራውን ለጨረሰ ሰው እንኳ ይህ ደካማ ዋስትና ነው፤ በሙከራ ላይ ላለ ሰው ግን ጭራሽ አይሠራም። አሠሪው ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ አይደለም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሣ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። አንድ ቀን ያለ ፈቃድ መቅረት ለዚያ ውሳኔ በቂ ምክንያት ሆኖ ግምገማው ላይ ሊጻፍ ይችላል።

ደረጃ 7፦ አይቻልም ከተባሉ

መጀመሪያ የትኛው ክፍል እንደከበዳቸው ይጠይቁ። ከሦስቱ ቀን አስቸጋሪዋ ቅዳሜ ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ የሳምንቱ መዝጊያ ስለሆነች። ያኔ ቅዳሜ ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት የሚነሣ መጓጓዣ መፈለግ፣ ወይም መልሱን ትቶ ሰኞ ተመልሶ ማክሰኞ መግባት ሦስቱን ቀን ወደ አንድ ወይም ሁለት ያወርደዋል። በሌላ ቀን ተጨማሪ ሰዓት ሠርቶ ማካካስም ይቻላል፤ ይህም በጽሑፍ ይሁን፣ የሳምንት ዕረፍትዎንም ሙሉ በሙሉ አይስጡ።

የማይሠራው መንገድ የሐሰት የሕክምና ወረቀት ነው። በሙከራ ላይ የሕመም ፈቃድ በሕግ ስለሌለ ወረቀቱ ክፍያ አያስገኝም፤ የሠርጉ ፎቶ ደግሞ ማክሰኞ በፌስቡክ ይወጣል። በሦስት ቀን ፈንታ ሥራውንም መልካም ስሙንም ያሳጣል።

የተከለከሉት በሕግ የሚገባዎትን ፈቃድ ከሆነ፣ ለምሳሌ የእናትዎን የሐዘን ቀናት፣ መንገዱ ሌላ ነው። ክልከላው በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ አንቀጽ 81ን ጠቅሰው ለሰው ኃይል ኃላፊ ይጻፉ። ካልተስተካከለ በአካባቢዎ ላለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አቤት ማለት ይችላሉ። ሠራተኛ ማኅበር ካለ ቀድመው ያማክሩት።

ደረጃ 8፦ ሲሄዱና ሲመለሱ

ከመሄድዎ በፊት በነበረው ቀን በአንድ ገጽ ርክክብ ያዘጋጁ፦ ያልተዘጉ ሰነዶች፣ የሚጠበቁ ዕቃዎች፣ ቁልፎች ማን ጋር እንዳሉ። ተቀባዩ ይፈርምበት። መጋዘን ላይ ለሚሠራ ይህ ገጽ ከፈቃዱ ደብዳቤ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ እርስዎ በሌሉበት ዕቃ ቢጎድል ዓርብ ማታ ምን ያህል እንደነበረ የሚያሳየው እሱ ነው።

መንገድ ቢዘጋና ረቡዕ መድረስ ካልቻሉ ማክሰኞ ማታ ይደውሉ፤ ረቡዕ ከሰዓት መደወል ዘግይቷል። ተጨማሪውን ቀን በዚያው መልእክት ያለ ክፍያ እንዲያዝልዎ ይጠይቁ።

በደመወዝ ቀን የክፍያ ወረቀቱን ይመልከቱ። አንዱ ቀን ያለ ክፍያ ከሆነና ለ26 የሚያካፍሉ ከሆነ ከመሠረታዊ ደመወዙ 400 ብር ይቀንሳል፤ የተቀነሰው ከዚህ ከበለጠ እሑድን ቆጥረው ወይም ሦስቱንም ቀን ያለ ክፍያ አድርገው ሊሆን ስለሚችል የተፈቀደበትን ደብዳቤ ይዘው ደመወዝ ክፍል ይሂዱ። የፈቃድ መዝገብዎ ላይም ሁለቱ የቅድሚያ ቀናት መመዝገባቸውን፣ ከመጀመሪያው ዓመት 16 ቀን 14 መቅረቱን ያረጋግጡ፤ ስህተቱ በዚያው ወር በቀላሉ ይታረማል።